ሰንደቅ ዓላማ በፎቶግራፍ ውስጥ፤ ምስክርነቱና ማሳሳቱ

ቀኑ፥ ቦታውና የተነሡት ሰዎች ያልተጻፉበት ፎቶግራፍ ከቤተ መዛግብት ወይም ከቤተሰብ አልበም ሲገኝ፥ ተመልካቹ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ሰንደቅ ዓላማ ነው። የሰው ፊት ስሙን አይናገርም፤ የልብስ አሰፋፍም ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ስለሚሄድ ቦታን ለማወቅ አይበቃም። ሰንደቅ ዓላማ ግን ቀለሙ በዐዋጅ የተወሰነ፥ ምልክቱም በሕግ የተገለጸ በመሆኑ፥ የአገሩን ስምና ዘመኑን ባንድ ጊዜ የሚነግር ይመስላል። ከዚህም የተነሣ በብዙ የፎቶግራፍ ስብስቦች ውስጥ ከሥዕሉ ግርጌ የሚነበበው መግለጫ የተጻፈው ጨርቁ እንዳዘዘ ነው።

ይህ ልማድ ያለ ትችት ሊታለፍ አይገባውም። ከመንገድ ዳር የተጣለ የእግር ጫማ፥ ከበር አጠገብ የተቀመጠ እንስራ ወይም በግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ እድፍ ለፎቶግራፍ አንሺው ተብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ስለዚህም የሚሰጠው ምስክርነት ሳይጠየቅ የተሰጠ ነው። ሰንደቅ ዓላማ ግን የሚሰቀለው እንዲታይ ነው። እንዲታይ ተብሎ የተሰቀለ ነገር ሁሉ ደግሞ የሰቀለውን ሰው ፈቃድ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሊቁ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ የማን ሰንደቅ ዓላማ ነው?» ብሎ ሳይሆን፥ «ይህን ጨርቅ እዚህ ያመጣው ማን ነው? ለማንስ እንዲታይ ብሎ?» ብሎ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች፥ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ያስታውስ።

የጥያቄውን ክብደት ለመመዘን ከበርሊኑ ፎቶግራፍ የሚሻል ምሳሌ አይገኝም። ሥዕሉን ያላየ ጥቂት ነው፤ አንድ ወታደር በሕንፃ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ቆሞ የሶቪየት ኅብረትን ሰንደቅ ዓላማ ወደ ፊት ዘርግቶ ይዟል፤ ሌላው ከሥሩ ሆኖ ደግፎታል፤ በጣሪያው ጠርዝ ላይ የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል፤ ከታች ደግሞ የፈራረሰች ከተማ ትታያለች። በዚህ ሥዕል ላይ የሰንደቅ ዓላማው ምስክርነት ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ቢመረመር፥ ስለ አገሩ አልዋሸም፤ ወታደሮቹ በእርግጥ የሶቪየት ጦር ናቸው። ስለ ቦታውም አልዋሸም፤ ሕንፃው በርሊን የሚገኘው ራይሽስታግ ለመሆኑ ሐውልቶቹና የጣሪያው አሠራር ይመሰክራሉ። ስለ ዓመቱም ቢሆን አልዋሸም፤ 1945 ነው። የሚያሳስተው ተመልካቹ ከሁሉ አብልጦ የሚያምነውን ነገር በተመለከተ ብቻ ነው፤ ይኸውም የተያዘው ድል በተገኘበት ሰዓት ነው የሚለውን።

ሕንፃው በውጊያ ላይ ሳለ በጣሪያው ላይ የመጀመሪያው ሰንደቅ ዓላማ የተተከለው ኤፕሪል 30 ቀን ሌሊት ነው። ሚኻኢል ሚኒን የሚባለው ወታደርና ጓደኞቹ በጨለማ ወጥተው ተከሉት ይባላል። በዚያ ሰዓት ጨለማ ስለ ነበረ ፎቶግራፍ ያነሣ አልነበረም። ዓለም የሚያውቀውን ሥዕል ያነሣው የታስ የዜና ወኪል ፎቶግራፍ አንሺ ይቭጌኒ ኻልዴይ ሲሆን፥ ያነሣውም ሜይ 2 ቀን፥ በቀን ብርሃን፥ የከተማይቱ ጦር እጁን በሰጠበት ዕለት ነው። ሰንደቅ ዓላማውን እዚያ ያገኘው አይደለም፤ ከሞስኮ ይዞት መጣ እንጂ። ከቀይ የጠረጴዛ ልብስ ጨርቅ ልብስ ሰፊ ዘመዱ የሰፋለት ነበር። እንዲህ ካሰፋቸው ሰንደቆች አንዱን በቴምፕልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ፥ ሌላውን በብራንደንቡርግ በር ላይ ተጠቅሞበታል። ወታደሮቹንም ወደ ጣሪያው ያወጣቸውና ያቆማቸው እርሱ ራሱ ነው፤ ፊልሙንም ደጋግሞ አንሥቷል።

እንግዲህ በዚህ ሥዕል ውስጥ ያለው ሰንደቅ ዓላማ የጦሩ ምስክር ሳይሆን የፎቶግራፍ አንሺው ምስክር ነው። ይህን ከሥዕሉ ራሱ ማወቅ ይቻል ነበርን? በከፊል ይቻል ነበር። ብርሃኑ የቀን ብርሃን ነው፤ የውጊያው ታሪክ ግን የመጀመሪያው መትከል ሌሊት እንደ ነበረ ይናገራል። ጨርቁ ጥይትና እሳት በበዛበት ሕንፃ ውስጥ አልፎ የወጣ አይመስልም፤ ሙሉና ንጹሕ ነው። ከሁሉም በላይ የሚመሰክረው ግን ከሰንደቁ በታች ያለው መንገድ ነው። ውጊያ በሚደረግበት ሰዓት ሰው በማይሄድበት መንገድ ላይ ተሽከርካሪዎችና ሰዎች ያለ ጥንቃቄ ሲዘዋወሩ ይታያሉ። ተመልካቹ ዓይኑን ከሰንደቁ ወደ መንገዱ ቢያወርድ ኖሮ ሰዓቱን ከመንገዱ ያነብ ነበር። ሰንደቁ ግን ዓይንን ወደ ላይ ስቦ ይይዛል፤ ዋና ሥራውም ይህ ነው።

በሥዕሉ ላይ ሌላም ነገር ተደርጓል። ሰንደቁን የያዘውን የሚደግፈው ወታደር በሁለቱም እጆቹ ላይ ሰዓት አስሮ ስለ ነበር፥ ይህ የዘረፋ ምልክት እንዳይሆን አንደኛው ከመታተሙ በፊት ተፋቀ። በኋላም በሰማዩ ላይ ጭስ ተጨመረ። ለወሬ የሚቸኩል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ሰዓቱ ነው፤ ለታሪክ ተመራማሪ ግን የጭሱ ነገር ይበልጥ ይከብዳል። የተፋቀው ሰዓት የአንድን ሰው ነውር ሲሸፍን፥ የተጨመረው ጭስ ቀኑን ራሱን ይለውጣልና፤ የሰላሙን ማለዳ ወደ ውጊያው ሰዓት ይመልሰዋል።

ከዚህ የሚከተለው ጉዳት በሰዎች ስም ላይ የወደቀ ነው። በይፋ የድሉን ሰንደቅ የተከሉ ተብለው የከበሩት ይጎሮቭና ካንታሪያ ናቸው፤ በሥዕሉ ላይ የሚታዩት ግን እነርሱ አይደሉም። ኻልዴይ ያቆማቸው ወታደሮች አሌክሴይ ኮቫልዮቭ፥ የዳግስታኑ አብዱልሐኪም ኢስማኢሎቭና ሌኦኒድ ጎሪቼቭ ነበሩ፤ ኢስማኢሎቭ የሩስያ ጀግና የሚለውን ማዕርግ ያገኘው በ1996 ነው። ሚኒንም በዚያች ሌሊት ላደረገው ነገር የጀግንነቱን ማዕርግ አላገኘም። ሰንደቁ በሥዕሉ ውስጥ እጅግ ግልጽ ሆኖ ሳለ በሥሩ የቆሙት ሰዎች ለብዙ ዓመታት ያልታወቁ ሆኑ።

ኻልዴይ ያን ያህል መንገድ ጨርቅ ተሸክሞ የሄደው በጆ ሮዘንታል ሥዕል ተነሣሥቶ እንደ ሆነ ይነገራል። የሮዘንታል ሥዕል ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1945 በኢዎ ጂማ ደሴት፥ በሱሪባቺ ተራራ ላይ የተነሣ ነው። ሁለቱ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ «ተቀናብረው የተነሡ» ተብለው ባንድነት ይወቀሳሉ፤ ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በኢዎ ጂማም ቢሆን ሮዘንታል ያነሣው ሁለተኛውን ሰንደቅ ነው። የመጀመሪያው በጧት የተተከለ ሲሆን ርዝመቱ 137 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለ ነበረ ከሩቅ በደንብ አይታይም ተብሎ፥ 244 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ ትልቅ ተተካ። መተካቱን ያዘዙት ግን አዛዦች እንጂ ፎቶግራፍ አንሺው አልነበረም፤ ሰዎቹንም እርሱ አላቆማቸውም። ስለዚህ አንዱ ሥዕል ለዓይን ተብሎ የተደረገን ነገር በእውነት ያሳያል፤ ሌላው ደግሞ ለፎቶግራፍ ሲባል ብቻ የተደረገን ነገር ያሳያል። ይህን ልዩነት ሳያደርግ ሁለቱንም «ሐሰት» ብሎ የሚጽፍ ሰው፥ ሁለቱንም «እውነት» ብሎ ከሚጽፈው የተሻለ አላነበበም። የሰዎቹም ስም እንደ በርሊኑ ሁሉ ተሳስቶ ኖሯል፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወለድ ጦር በ2016ና በ2019 እንደ ገና መርምሮ መዝገቡን ማረም ግድ ሆኖበታል።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ስለ ሰዓቱ ነው። ስለ ዘመኑ ሲታሰብ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይመጣል፤ ይህኛው ተንኰል የሌለበት ስለ ሆነ ከመጀመሪያው ይልቅ ለማወቅ ያስቸግራል። ብዙ ሰው እንደሚያስበው አንድ ሰንደቅ ዓላማ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ድረስ ሕጋዊ ከሆነ፥ ሥዕሉም በእነዚሁ ዓመታት መካከል የተነሣ መሆን አለበት። ነገሩ ግን እኩል አይደለም። ሰንደቅ ዓላማ ገና ሳይታሰብ ሊሰቀል አይችልም፤ ስለዚህ ሥዕሉ ከመቼ ወዲህ እንደ ሆነ ይናገራል። ከተሻረ በኋላ ግን ከሣጥን ወጥቶ ሊሰቀል ይችላል፤ ስለዚህ እስከ መቼ እንደ ሆነ አይናገርም።

ለዚህ የሚታወስ ምሳሌ ኤፕሪል 9 ቀን 2003 በባግዳድ፥ በፊርዶስ አደባባይ የታየው ነው። የሳዳም ሑሴን ሐውልት ሊፈርስ ሲል አንድ የአሜሪካ ወታደር የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ በሐውልቱ ፊት ላይ አለበሰው፤ ጥቂት ቆይቶም ተነሥቶ በኢራቅ ሰንደቅ ዓላማ ተተካ። የተተካው ግን በዚያን ጊዜ ሕጋዊ የነበረው አልነበረም። በጃንዋሪ 1991 በኢራቅ ሰንደቅ ላይ «አላሁ አክበር» የሚል ጽሑፍ ተጨምሮ ነበር፤ በአደባባዩ የታየው ጽሑፍ የሌለበት የፊተኛው ነበር። ሥዕሉን ብቻ ያየ፥ ስለ ቀኑ ምንም ያልሰማ ሰው፥ በሰንደቁ ተመርቶ ከ1991 በፊት የተነሣ ነው ቢል በዐሥራ ሁለት ዓመት ይሳሳታል። ለጥንቁቅ ተመራማሪ ግን ይኸው «ስሕተት» ራሱ ትልቅ ዜና ነው፤ የተሻረ ሰንደቅ በአደባባይ ሲወጣ የሚወደደውንና የሚጠላውን ዘመን ይለያልና። ባንድ አደባባይ፥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፥ ሁለት ጨርቆች ሁለት የተለያየ ነገር ተናገሩ፤ ከሁለቱም ማናቸውም የቀኑን የመንግሥት ሥርዐት አልገለጠም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ ይህ እኩል አለመሆን ይበልጥ ይታያል። አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ የሆነው ሰንደቅ ዓላማ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ዘውድ የጫነና የመስቀል ዘንግ የያዘ አንበሳ ነበረበት። ከ1974 አብዮት በኋላ ዘውዱ ከአንበሳው ራስ ላይ ተነሣ፤ የዘንጉም መስቀል በጦር ጫፍ ተተካ። በ1987 የሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ አርማ ገባ፤ በ1996 ሰማያዊ ክብና ኮከብ ተደረገበት፤ በ2009 በወጣው ዐዋጅ ደግሞ ያለ አርማ መጠቀም ተከለከለ። ይህን የሚያውቅ ሰው ሥዕሎችን በቅደም ተከተል ለመደርደር መሰላል ያገኘ ይመስለዋል። መሰላሉ ግን ባንድ ቦታ የተሰበረ ነው። አርማ የሌለበት ሦስት ቀለም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሕዝቡ የሚጠቀምበት ነበር፤ በአብዮቱ ዘመን ታይቷል፤ ከ1991 እስከ 1996 ያገሪቱ ሰንደቅ ሆኖ አገልግሏል፤ ከ2009 ዐዋጅ በኋላም ቢሆን በሰልፍም በስደተኛው ማኅበረ ሰብ ዘንድም ይታያል። ስለዚህ ባዶውን ሦስት ቀለም አይቶ ዘመን የሚቈርጥ ሰው ምንም አላነበበም። አንበሳ ያለበትም ቢሆን ሁልጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን አያመለክትም፤ በዋሺንግተን አደባባይ በሰልፍ ላይ የተነሣ፥ ወይም የራስ ተፈሪ ተከታዮች የሚሰበሰቡበት ሥዕል ዘውድ የጫነውን አንበሳ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ዘውዱ የተነሣለት አንበሳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ያገለገለ ስለ ሆነ፥ በሥዕል ላይ ከተገኘ ጠቃሚ ምልክት ነው። ሆኖም ዘውድ አለ ወይም የለም ለማለት ሥዕሉ መቻል አለበት። ቁመቱ 90 ሴንቲሜትር የሆነ ሰንደቅ በወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲሜትር ሆኖ ቢታይ፥ የ6 ሴንቲሜትር ዘውድ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ይሆናል፤ በነፋስ ከታጠፈ ደግሞ ጭራሹን ይጠፋል። በእንዲህ ያለው ሥዕል ላይ ተመልካቹ ዘውዱን የሚያየው በዓይኑ ሳይሆን በተስፋው ነው። ሐቀኛው መልስ «አንበሳ ይታያል፤ ዘውዱን ለመለየት አይቻልም» የሚለው ነው፤ ይህን የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው።

የጥቁርና ነጭ ፊልም ጠባይም ብዙ ጊዜ ይረሳል። በፎቶግራፍ መጀመሪያ ዘመን የነበሩት መስተዋቶች የሚያዩት ሰማያዊን ብርሃን ብቻ ነበር፤ አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ በእነርሱ ላይ ሁሉም ጠቁረው ይወጣሉ። በኋላ የመጣው ኦርቶክሮማቲክ የተባለው ፊልም አረንጓዴንና ቢጫን ያያል፤ ለቀይ ግን ዕውር ነው። ሁሉንም ቀለም የሚያየው ፓንክሮማቲክ ከዚያ በኋላ ነው የተስፋፋው። በዚህ ምክንያት የኢትዮጵያ ሰንደቅ በጥንት መስተዋት ላይ አንድ ወጥ ጥቁር ጨርቅ ሊመስል ይችላል፤ በተቃራኒው ደግሞ ሰማያዊ ጨርቅ በነጭ ፋንታ ሊነበብ ይችላል። የቀለሞቹን ቅደም ተከተል በግራጫ መጠን ብቻ ለመለየት መሞከርም አደገኛ ነው፤ የቦሊቪያ ሰንደቅ እነዚህኑ ሦስት ቀለሞች በተገላቢጦሽ ይዟልና፥ ቀይ ከላይ አረንጓዴ ከታች። ፊልሙ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሳይታወቅ ከላይ ያለው ጥቁር መስመር ቀይ ነው ወይስ አረንጓዴ ብሎ መፍረድ አይቻልም። ሰው በአጠገቡ ካለ የታወቀ ቀለም ጋራ ማስተያየት ይቻላል፤ ለምሳሌ የዛፍ ቅጠል ወይም የሰማዩ ነጣ ማለት ፊልሙ ምን እንደሚያይ ይነግራል።

በዚህ ረገድ የኤርትራ ሥዕሎች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋራ በፌደሬሽን ስትተሳሰር በ1952 የራሷን ሰማያዊ ሰንደቅ ይዛ ነበር፤ በመካከሉም የወይራ ቅጠል አክሊል ነበረበት። ምክር ቤቱ በዲሴምበር 1958 ሰንደቁ እንዲወርድ ወሰነ። እንግዲህ በአሥመራ የተነሣ፥ ሰማያዊ ሰንደቅ ያለበት ሥዕል በ1952ና በ1958 መካከል ይመስላል። ነገር ግን ያ ሰንደቅ ከወረደ በኋላ የትግል ምልክት ሆኖ በሌላ ቦታ፥ በሌላ ዘመን ተሰቅሏል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይም ሰማያዊው ስለሚነጣ፥ አክሊሉ ካልተለየ በቀር ከነጭ ጨርቅ ጋራ ሊምታታ ይችላል። የሕንፃውን አሠራርና የመንገዱን ምልክት ካላስተያዩ በቀር ሰንደቁ ብቻውን ለእንዲህ ያለ መግለጫ አይበቃም።

የመንግሥት ጽሑፍ፥ ማለት በቢሮ በር ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ፥ ከጨርቅ ይልቅ የተሻለ ምስክር ነው፤ ምክንያቱም ቶሎ ስለማይንቀሳቀስና ፊደል ስላለበት ነው። ፊደሉ መጀመሪያ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል ነው፤ ሥዕሉ በሚታተምበት ጊዜ ተገልብጦ እንደ ሆነ ይገለጣል። አግድም ሦስት ቀለም ቢገለበጥም አይታወቅም፤ የአንበሳውም አቅጣጫ ሰው ከሰንደቁ ፊት ወይም ጀርባ እንደ ቆመ ይለወጣልና አያስተማምንም። የግዕዝ ፊደል ግን ተገልብጦ ከታየ ማንም ያውቀዋል።

ሁለተኛው ጥቅም የመሥሪያ ቤቱ ስም ነው። በአማርኛ ሰሌዳ ላይ «ጠቅላይ ግዛት» የሚለው ቃል የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን አስተዳደር ያመለክታል፤ «ክፍለ ሀገር» የሚለው የአብዮቱን ዘመን፥ «ክልል» የሚለው ደግሞ ከ1991 በኋላ የመጣውን። «ቀበሌ» ተብሎ ከነቁጥሩ ከተጻፈ፥ የከተማ ቀበሌዎች በ1975 ዐዋጅ ስለ ተመሠረቱ፥ ሥዕሉ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። ሰሌዳው ግን እንደ ሰንደቁ ሁሉ ከመቼ ወዲህ ይላል እንጂ እስከ መቼ አይልም። የቆርቆሮ ሰሌዳ ዐዋጅ በወጣ ማግሥት አይቀባም፤ ገንዘብና ሠዓሊ እስኪገኝ ድረስ የድሮው ስም በበሩ ላይ ይኖራል። አንዳንዴም የአዲሱ ስም ቀለም ሲረግፍ የድሮው ከሥሩ ብቅ ይላል፤ እንዲህ ያለው ሰሌዳ ከተገኘ ከንጹሑ ይልቅ ብዙ ይናገራል። የቀን ጽሑፍ ካለበትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን የማያውቅ የውጭ ሰው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይሳሳታል።

ነገሩን ባንድ ሥዕል እንመርምረው። በአዲስ አበባ ከተማ አንድ በር ላይ «ቀበሌ» የሚል ሰሌዳ አለ እንበል፤ ከበሩ በላይ ባዶ ሦስት ቀለም ሰንደቅ ተሰቅሏል፤ በመንገዱ ላይ «10ኛው የአብዮት በዓል» የሚል ረጅም ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ከሩቅም የሌኒን ሐውልት ይታያል። ሰንደቁ ስለ ዘመኑ ምንም አይነግረንም፤ እንተወው። ሰሌዳው ከ1975 ወዲህ ይላል። ጨርቁ ይበልጥ ያጠብቃል፤ ዐሥረኛው በዓል የተከበረው መስከረም 2 ቀን 1977 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ በሴፕቴምበር 1984 ነው። ዝግጅቱ ከበዓሉ ቀድሞ መጀመሩ አይቀርምና ሥዕሉ ከዚያ ጥቂት ሊቀድም ይችላል፤ ጨርቁ እስኪያረጅ ድረስ ተዘርግቶ ቢቆይ ደግሞ ሊዘገይ ይችላል። የመጨረሻውን ወሰን የሚሰጠን ግን ከሦስቱ ማናቸውም አይደለም፤ የሌኒን ሐውልት ነው። በ1983 ቆሞ በሜይ 1991 ፈርሷልና፥ ሥዕሉ ከዚያ አይዘልም። ከዚህ እንደሚታየው የሚሰቀል ነገር የመጀመሪያውን ወሰን ሲሰጥ፥ የመጨረሻውን የሚሰጠው የፈረሰና እንደ ገና ያልቆመ ነገር ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍን ለመዘመን የሚፈልግ ሰው በሥዕሉ ውስጥ ዛሬ የሌለውን ነገር መፈለግ ይገባዋል።

ይኸው የ1984 በዓል ስለ ማሳሳት የመጨረሻውን ነገር ያስተምራል። በዚያ ወር ከተማይቱ በቅስቶች፥ በቀይ ሰንደቆችና በማርክስ፥ በኤንግልስና በሌኒን ሥዕሎች አጊጣ ነበር። ከዚያ ቀን የተነሡት ሥዕሎች ሐሰት አይደሉም፤ ቅስቱም ሰንደቁም በእርግጥ ነበሩ፤ ቀኑም ቦታውም ትክክል ነው። በዚያው ጊዜ ግን በወሎና በትግራይ ረኃቡ በርትቶ ሕዝቡ ወደ ኮረምና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ይጐርፍ ነበር፤ ስለ ኮረም የቀረበው የቢቢሲ ዜና ዓለምን ያነቃው በኦክቶበር 23 ቀን ነው። የበዓሉን ሥዕል ይዞ «በ1984 የኢትዮጵያ ሁኔታ» የሚል መግለጫ የሚጽፍ ሰው አንድም ሐሰተኛ ቃል ሳይጽፍ ትልቅ ሐሰት ይጽፋል። ያንን ሥዕል ሲያነሡ መነፅሩ ሰንደቆቹ በተሰቀሉበት አቅጣጫ እንዲያይ ሆኗል፤ ሰንደቆቹም የተሰቀሉት መነፅሩና እንግዶቹ በሚያዩበት አቅጣጫ ነበር። ኻልዴይ ሰንደቁን ወደ ቦታው አመጣው፤ በዓሉ ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ወደ ሰንደቁ አመጣቸው።

ስለዚህ ለቤተ መዛግብት መግለጫ የሚጽፍ ሰው የሚያየውንና የሚገምተውን ለይቶ መጻፍ አለበት። የሰሌዳውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል፥ ስሕተቱንም ሳያርም ይገልብጥ፤ የወረቀቱን ጀርባና ያልተቈረጠውን ሙሉ ሥዕል ያስቀምጥ፤ ብዙ ጊዜ ሰንደቁ በመካከል እንዲሆን ሲቈረጥ የሚጣለው ጠርዝ ነው ሰዓቱን የሚናገረው። የበርሊኑ ሥዕል መግለጫ በዚህ ሥርዐት ቢጻፍ እንዲህ ይሆን ነበር፤ «በርሊን፥ የራይሽስታግ ጣሪያ፥ ሜይ 2 ቀን 1945። ሰንደቁን ያመጣው ፎቶግራፍ አንሺው ነው። የመጀመሪያው ሰንደቅ የተተከለው ኤፕሪል 30 ቀን ሌሊት ሲሆን ሥዕሉ አልተነሣም። አንድ የእጅ ሰዓት ተፍቋል፤ ጭስ ተጨምሯል።»